በድርሃም ወይስ በዶላር? የካርድ ማሽኑ ጥያቄና የምርጫው ዋጋ

ከአገሩ ውጭ በባንክ ካርድ የሚገበያይ ሰው ካርዱን ወደ ማሽኑ ባስጠጋ ጊዜ ሁለት የገንዘብ መጠኖች ጎን ለጎን የተጻፉበት ገጽ ሊቀርብለት ይችላል። አንደኛው መጠን ዕቃው በሚሸጥበት አገር ገንዘብ፣ ሁለተኛው ደግሞ ካርዱ በተሰጠበት አገር ገንዘብ የተተመነ ሲሆን፣ ገዢው ከሁለቱ አንዱን ነክቶ ክፍያውን እንዲጨርስ ይጠየቃል። ብዙ ተጓዦች ይህን ገጽ ያውቁታል፤ የሚያውቁትን ገንዘብ ማየት ስለሚያረጋጋም ብዙዎቹ የአገራቸውን ገንዘብ ይመርጣሉ። ሁለቱ አዝራሮች ግን የአንድ ዋጋ ሁለት አጻጻፎች ሳይሆኑ ሁለት የተለያዩ ዋጋዎች ናቸው፤ ልዩነታቸውም የሚመጣው ገንዘቡን የሚመነዝረው አካል ከመለያየቱ ነው።

ምንዛሪው የሚደረገው የት ነው?

ገዢው በሚገበያይበት አገር ገንዘብ ለመክፈል ሲመርጥ፣ ማሽኑ የዕቃውን ዋጋ እንዳለ ለነጋዴው ባንክ ያስተላልፋል፤ የነጋዴው ባንክም እንደ ቪዛና ማስተርካርድ ባሉ የካርድ ድርጅቶች መስመር በኩል ካርዱን ለሰጠው ባንክ ያቀርበዋል። ገንዘቡ የሚመነዘረው በዚሁ መስመር ላይ፣ የካርድ ድርጅቱ ለዕለቱ ባወጣው ተመን ነው። ይህ ተመን በየድርጅቶቹ ድረ ገጽ ላይ ለማንም ሰው ክፍት ሆኖ የሚገኝ ሲሆን፣ ባንኮች እርስ በርስ ከሚገበያዩበት ተመን ያለው ርቀት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በመቶ አይበልጥም።

ገዢው የራሱን አገር ገንዘብ ሲመርጥ ግን ምንዛሪው የሚፈጸመው ገና ከመደብሩ ሳይወጣ ነው። ማሽኑ የካርዱን ቁጥር የመጀመሪያ ስድስት ወይም ስምንት አኃዞች አንብቦ ካርዱ የየት አገር ባንክ እንደሆነና በምን ገንዘብ እንደሚሠራ ይለያል፤ ከዚያም ለነጋዴው ባንክ ይህን አገልግሎት የሚሰጠው ድርጅት በራሱ ተመን መንዝሮ አዲሱን መጠን ያቀርባል። በባንክ ባለሙያዎች ዘንድ ይህ አሠራር ዳይናሚክ ከረንሲ ከንቨርዥን ይባላል፤ በቀላል አነጋገር በመክፈያው ቦታ የሚደረግ ምንዛሪ ማለት ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበ አገልግሎት ሲሆን፣ ዛሬ ተጓዥ በሚበዛባቸው ሆቴሎች፣ የኪራይ መኪና ድርጅቶች፣ የአየር ማረፊያ መደብሮችና የኤቲኤም ማሽኖች በስፋት ይገኛል።

በዚህ በሁለተኛው መንገድ የሚሠራው ተመን በውስጡ ጭማሪ አለው። ጭማሪው ከቦታ ቦታ ቢለያይም ብዙ ጊዜ ከሦስት በመቶ ጀምሮ አሥር በመቶንም እስከ ማለፍ ይደርሳል፤ ለብቻው በኮሚሽን ስም የማይጻፍና በተመኑ ውስጥ የተዋጠ በመሆኑ ግን በቀላሉ አይታይም። ስለዚህም ገጹ ላይ ያለ ኮሚሽን ተብሎ ቢጻፍ እንኳን፣ የተለየ ኮሚሽን አልተጠየቀም ማለት እንጂ ምንዛሪው ነጻ ነው ማለት አይደለም።

> ሁለቱ አዝራሮች የአንድ ዋጋ ሁለት አጻጻፎች ሳይሆኑ ሁለት የተለያዩ ዋጋዎች ናቸው።

ዴይራ፦ ተመኑ የማይነቃነቅበት ገበያ

ይህን አሠራር ለመረዳት ከዱባይ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ክሪክ በሚባለው የባሕር ሰርጥ ዳርቻ በሚገኘው በዴይራ ሰፈር የወርቅ፣ የሽቶ፣ የጨርቃ ጨርቅና የኤሌክትሮኒክስ መደብሮች ተጠጋግተው ይገኛሉ፤ በመካከላቸውም የዕለቱን ተመን በሰሌዳ የሚያሳዩ የምንዛሪ ቤቶች አሉ። ከአዲስ አበባ ዕቃ ለማምጣት የሚሄዱ ነጋዴዎች፣ በኤምሬቶች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያንና ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት ሲያልፉ ለዘመድ ስጦታ የሚገዙ መንገደኞች በዚህ ሰፈር ይገናኛሉ። ከእነዚህ መካከል በዶላር የሚሠራ የአሜሪካ ባንክ ካርድ የያዘውን መንገደኛ የካርድ ማሽኑ ድርሃም ወይስ ዶላር ብሎ ሊጠይቀው ይችላል።

ዱባይን የተለየች የሚያደርጋት የድርሃምና የዶላር ግንኙነት ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ አንድን ዶላር በ3.6725 ድርሃም ላይ ቋሚ አድርገው ይዘውታል፤ ይህም ማለት የድርሃም ዋጋ እንደ ሌሎች ገንዘቦች በገበያው ፍላጎትና አቅርቦት ከቀን ወደ ቀን ከፍና ዝቅ አይልም፣ ማዕከላዊ ባንኩም ተመኑን በዚያው ቦታ ያቆየዋል። በዚህ ምክንያት በዴይራ የሚገበያይ የዶላር ካርድ ባለቤት የዕቃውን እውነተኛ የዶላር ዋጋ ለማወቅ የማንንም መረጃ መጠበቅ አያስፈልገውም፤ በማሽኑ ላይ ከዚህ ተመን ርቆ የሚታየው ነገር ሁሉ ጭማሪ መሆኑም ወዲያው ይታወቃል።

ለምሳሌ ዋጋው 3,000 ድርሃም የሆነ ስልክ ይወሰድ። በቋሚው ተመን ሲሰላ ይህ 816.88 ዶላር ነው። ማሽኑ ግን አምስት በመቶ ጭማሪ የሚያስከፍል አገልግሎት የተገጠመለት ቢሆን በገጹ ላይ 3,000 AED ከሚለው አጠገብ 857.72 USD የሚል ይነበባል፤ ከሥሩም በትንሹ የተጻፈው ተመን 3.4976 ይሆናል። ገዢው ዶላሩን ቢመርጥ ለአንድ ስልክ 41 ዶላር ገደማ ጨምሮ ይከፍላል።

ጭማሪውን ለማጋለጥ አንድ ማባዛት ይበቃል። በገጹ ላይ የታየው የዶላር መጠን በ3.6725 ሲባዛ 3,150 ድርሃም ይመጣል፤ ይኸውም ሻጩ 3,000 ድርሃም ያለው ስልክ በዶላሩ አዝራር በኩል 3,150 ድርሃም ሆኗል ማለት ነው። ለግማሽ ሰዓት ተከራክሮ 100 ድርሃም ያስቀነሰ ገዢ፣ በአንድ ንክኪ ያተረፈውን ሁሉ መልሶ ተጨማሪም ሊያወጣ ይችላል።

ጭማሪው የማን ኪስ ይገባል?

ከምንዛሪው የሚገኘው ትርፍ አገልግሎቱን በሚሰጠው ድርጅት፣ በነጋዴው ባንክና በነጋዴው መካከል ይከፋፈላል። ነጋዴው ከተራ የካርድ ሽያጭ ለባንኩ ክፍያ የሚቆረጥበት ሲሆን፣ ደንበኛው የአገሩን ገንዘብ ሲመርጥ ግን ከጭማሪው ድርሻ ያገኛል። አንዳንድ ገንዘብ ተቀባዮች ሳይጠይቁ የዶላሩን አዝራር የሚነኩትም፣ ዶላር ይሻልዎታል ብለው የሚመክሩትም በዚህ ጥቅም ምክንያት ሊሆን ይችላል። ይህን አሠራር የሚደግፉ ነጋዴዎች በበኩላቸው እንግዳ ደንበኛ የማያውቀውን ገንዘብ በልቡ እያሰላ ከሚቸገር የሚከፍለውን በሚያውቀው ገንዘብ ቢያይ ይሻለዋል ይላሉ።

በሌላው ወገን ያሉት የካርድ ድርጅቶችና ካርድ ሰጪ ባንኮችም ከጥቅም የራቁ አይደሉም፤ ምንዛሪው በመደብሩ ሲፈጸም እነርሱ ከምንዛሪ የሚያገኙት ገቢ ይቀርባቸዋል። ይህ ፉክክር ፍርድ ቤት የደረሰበት ጊዜም አለ። ቪዛ እ.ኤ.አ. በ2010 አገልግሎቱ በአውስትራሊያ ወደ አዳዲስ ነጋዴዎች እንዳይስፋፋ ለወራት ያገደ ሲሆን፣ የአገሪቱ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን ባቀረበው ክስ እ.ኤ.አ. በ2015 የፌዴራል ፍርድ ቤቱ ድርጊቱን ጸረ ውድድር አድርጎ በመቁጠር የ18 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቅጣት ወስኗል። ተጓዡ ከዚህ የሚማረው ምክር የሚሰጠው ማንኛውም ወገን የራሱ ሒሳብ እንዳለው ነው፤ ስለዚህ ከምክሩ ይልቅ በገጹ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ማየት ይበጀዋል።

ዋጋን አስቀድሞ የማወቅ ጥያቄ

ለአገር ቤት ገንዘብ ምርጫ የሚቀርበው ጠንካራ መከራከሪያ እርግጠኝነት ነው። በአካባቢው ገንዘብ የከፈለ ሰው ከሒሳቡ የሚቆረጠውን ትክክለኛ መጠን የሚያውቀው ግብይቱ በባንኮቹ መካከል ሲወራረድ፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ነው፤ በመካከሉ ተመኑ ሊለወጥ ይችላል። ይህ ስጋት ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች እንግዳ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንኮች 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በዚያው ቀን ወደ 74 ብር ገደማ ከፍ ብሏል። ይህን ያየ ሰው ዋጋው አሁኑኑ ተቆርጦ ይለቅ የሚል ሐሳብ ቢያድርበት የሚያስገርም አይሆንም።

ይሁን እንጂ ፍርሃቱ በምን ያህል ዋጋ እንደሚገዛ መመዘን ያስፈልጋል። እንደ ዩሮ፣ ዶላርና ፓውንድ ባሉ ሰፊ ገበያ ባላቸው ገንዘቦች መካከል ተመኑ በሁለት ወይም በሦስት ቀናት ውስጥ የሚነቃነቀው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ በመቶ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ለውጡም ገዢውን ሊጎዳውም ሊጠቅመውም ይችላል። በአንጻሩ በመደብሩ ምንዛሪ የሚጨመረው አምስት በመቶ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ የተረጋገጠ ኪሳራ ነው። በድርሃምና በዶላር መካከል ደግሞ መከራከሪያው ጨርሶ መሠረት ያጣል፤ ተመኑ ቋሚ ሆኖ ሳለ የሚሸጠው እርግጠኝነት ገዢው ቀድሞውኑ በእጁ የያዘው ነገር ነው።

> አምስት በመቶው ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ የተረጋገጠ ኪሳራ ነው።

የባንኩ ክፍያ ሲደረብ

የመጨረሻው ዋጋ በማሽኑ ምርጫ ብቻ አይወሰንም፤ ካርዱን የሰጠው ባንክ በውጭ አገር ግብይት ላይ የሚያስከፍለውም ይጨመርበታል። በአሜሪካ ብዙ ካርዶች በውጭ አገር ግብይት ላይ ሦስት በመቶ ገደማ ያስከፍላሉ፤ ምንም የማያስከፍሉም አሉ። ወሳኙ ነገር ባንኩ የውጭ ግብይት የሚለውን እንዴት እንደሚተረጉመው ነው። አንዳንድ ባንኮች ክፍያውን የሚጥሉት ግብይቱ በሌላ አገር ገንዘብ ሲፈጸም ብቻ ሲሆን፣ ሌሎች ግን ነጋዴው ከአገር ውጭ እስከሆነ ድረስ በዶላር ለተፈጸመውም ይጥላሉ። በሁለተኛው ዓይነት ካርድ ዶላሩን የመረጠ ሰው የመደብሩን ጭማሪ ከፍሎ ከባንኩም ክፍያ አያመልጥም።

የስልኩ ምሳሌ በዚህ መንገድ ሲታይ አራት ውጤቶች ይሰጣል። የውጭ ክፍያ በሌለበት ካርድ ድርሃም የመረጠ ሰው 817 ዶላር ገደማ ይከፍላል። ሦስት በመቶ በሚያስከፍል ካርድ ድርሃም የመረጠው 841 ዶላር ያወጣል። የውጭ ክፍያ በሌለበት ካርድ ዶላር የመረጠው 858 ዶላር የሚከፍል ሲሆን፣ በአገሩ ገንዘብ ለተፈጸመ ግብይት ጭምር ሦስት በመቶ በሚያስከፍል ካርድ ዶላር የመረጠው 883 ዶላር ይደርስበታል። በተመሳሳይ መደብር፣ በተመሳሳይ ቀን፣ ለተመሳሳይ ስልክ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ገዢ መካከል የ66 ዶላር ልዩነት አለ።

ምርጫው የሚገለበጥበት ጠባብ ሁኔታ መኖሩም መታወቅ አለበት። ካርዱ በውጭ ገንዘብ ግብይት ላይ የሚያስከፍለው በመደብሩ ካለው ጭማሪ የሚበልጥ ከሆነ፣ ባንኩም በአገር ቤት ገንዘብ ለተፈጸመ ግብይት ምንም የማያስከፍል ከሆነ፣ በአገር ቤት ገንዘብ መክፈል ሊረክስ ይችላል። ሁለቱ ሁኔታዎች በአንድነት የሚገጥሙት ግን አልፎ አልፎ በመሆኑ፣ ይህን የሚያረጋግጥ የካርድ ውል በእጁ የሌለው ሰው የአካባቢውን ገንዘብ ቢመርጥ ይሻለዋል። ብዙ ዓይነት ገንዘብ በአንድ ካርድ የያዙ ሰዎችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል፤ ማሽኑ የሚያውቀው ካርዱ የተመዘገበበትን ገንዘብ እንጂ በውስጡ የተቀመጠውን አይደለምና፣ ድርሃም የያዘ ካርድ ላይ ዶላር ሊያቀርብ፣ ባለቤቱም በእጁ ያለውን ድርሃም ትቶ ለምንዛሪ ሊከፍል ይችላል።

ኤቲኤም፣ ሆቴልና ተመላሽ ገንዘብ

ጥያቄው ይበልጥ የሚያደናግረው በኤቲኤም ላይ ነው። ማሽኑ ጥሬ ገንዘብ ለማውጣት ለሚጠብቀው ሰው ተመንና የዶላር መጠን አሳይቶ "Accept conversion" እና "Decline conversion" የሚሉ ሁለት አዝራሮችን ያቀርባል። ሁለተኛው ቃል ግብይቱን መሰረዝ ስለሚመስል ብዙዎች ገንዘቡን እንዳያጡ ፈርተው የመጀመሪያውን ይነካሉ። ነገር ግን "Decline conversion" የሚሰርዘው ምንዛሪውን ብቻ ነው፤ ማሽኑ ድርሃሙን ይሰጣል፣ ምንዛሪውም በካርድ ድርጅቱ ተመን ይፈጸማል። ኤቲኤሙ ለአገልግሎቱ የሚጠይቀው ክፍያ ካለ ለብቻው የሚቀርብ ጉዳይ ነው፤ ምንዛሪውን መቀበልም ያንን ክፍያ አያስቀርም።

በሆቴሎች ደግሞ ምርጫው የሚደረገው እንግዳው ሳያስተውለው ሊሆን ይችላል። እንግዳው ሲገባ ለመያዣ የሚሆን ገንዘብ በካርዱ ላይ ይታገዳል፤ በዚያን ጊዜ በሚፈርመው ቅጽ ውስጥ ሒሳቡ በካርዱ ገንዘብ እንዲቆረጥ ተስማምቻለሁ የሚል ዐረፍተ ነገር ሊኖር ይችላል። የብዙ ሌሊት ሒሳብ ከፍ ያለ በመሆኑ ጭማሪውም በዚያው ልክ ይከብዳል፤ ስለዚህ ጥያቄው ሲወጣ ሳይሆን ሲገባ፣ ቅጹ ከመፈረሙ በፊት መነሳት አለበት።

ዕቃ ሲመለስ የሚከሰተውም መዘንጋት የለበትም። በ857.72 ዶላር የተገዛው ስልክ ጉድለት ተገኝቶበት ሲመለስ፣ ነጋዴው ተመላሹን በ3,000 ድርሃም ከፈጸመው ወደ ገዢው ሒሳብ የሚገባው 817 ዶላር ገደማ ነው። ሻጩ የተቀበለውን ድርሃም እስከ መጨረሻው ሳንቲም የመለሰ ቢሆንም ገዢው ለምንዛሪው የከፈለው 41 ዶላር ቀርቶበታል። ስለዚህ ተመላሽ ሲጠየቅ የመጀመሪያው ደረሰኝ ቀርቦ ግብይቱ በተፈጸመበት ገንዘብ እንዲመለስ ማሳሰብ ያስፈልጋል።

ሳይጠየቅ የተወሰነ ምርጫ

የቪዛና የማስተርካርድ ደንቦች ገዢው ሁለቱንም መጠኖችና የሚሠራበትን ተመን አይቶ ራሱ እንዲመርጥ፣ ነጋዴውም በእርሱ ፈንታ እንዳይወስን ያዛሉ። በተግባር ግን ገንዘብ ተቀባዩ ማሽኑን ወደ ራሱ አዙሮ ይዞ አዝራሩን ራሱ የሚነካበት ጊዜ አለ። ይህ መሆኑ የሚታወቀው ከደረሰኙ ነው፤ በመደብሩ የተመነዘረ ግብይት ደረሰኝ ሁለት ገንዘቦችንና የምንዛሪ ተመን የያዘ ከመሆኑም በላይ፣ የካርዱ ባለቤት ምርጫ ቀርቦለት መስማማቱን የሚገልጽ ዐረፍተ ነገር ይዟል። በአካባቢው ገንዘብ የተከፈለበት ደረሰኝ ግን ድርሃም ብቻ ያሳያል።

ሁለት ገንዘቦች ያሉበት ደረሰኝ የተሰጠው ገዢ ከመደብሩ ሳይወጣ ግብይቱ እንዲሰረዝና በድርሃም እንደገና እንዲፈጸም መጠየቅ ይችላል፤ ከሁሉም የሚቀለውና የሚፈጥነው መፍትሔ ይህ ነው። ነጋዴው ካልተስማማ በደረሰኙ ላይ ምርጫ እንዳልተሰጠ ጽፎና ቅጂውን ይዞ ካርዱን ለሰጠው ባንክ ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል፤ በካርድ ድርጅቶቹ የክርክር ሥርዓት ያለ ፈቃድ በተለወጠ ገንዘብ መከፈል ራሱን የቻለ የቅሬታ ምክንያት ነውና። በፊርማ ወይም በምስጢር ቁጥር የተረጋገጠ ደረሰኝ ግን ለነጋዴው ማስረጃ ስለሚሆን፣ ገዢው ዘግይቶ በተከራከረ ቁጥር የማሸነፍ ዕድሉ ይጠባል።

ሕግ ከዚህ አልፎ የሄደበት ቦታ የአውሮፓ ኅብረት ነው። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የኅብረቱ ደንብ፣ በዩሮና በሌሎች የአባል አገራት ገንዘቦች መካከል በመክፈያው ቦታ የሚደረግ ምንዛሪ የሚያስከፍለው ሁሉ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ካወጣው ማጣቀሻ ተመን በላይ በመቶኛ ተሰልቶ ከክፍያው በፊት እንዲታይ ያስገድዳል። በስዊድን የሚኖር ኢትዮጵያዊ በክሮና የሚሠራ ካርዱን ይዞ ጣሊያን ቢሄድ፣ ማሽኑ ክሮና ሲያቀርብለት ጭማሪው ስንት በመቶ እንደሆነም ሊነግረው ይገባል። ደንቡ ጭማሪውን እንዲታይ አድርጎታል እንጂ ጣሪያ አላበጀለትም፤ አሥር በመቶ መሆኑ በግልጽ እስከተጻፈ ድረስ አሥር በመቶ ማስከፈል አይከለከልም። የሸማቾች ጥበቃ ባለሙያዎች ደካማ ጎን አድርገው የሚያነሡትም ይህንኑ ነው፤ ከኋላው ሰልፍ የቆመበት ገዢ ከጥቂት ሰከንዶች በላይ የማይታየውን ቁጥር አንብቦ ይወስናል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

ከጉዞ በፊትና በማሽኑ ፊት

ውሳኔው በማሽኑ ፊት እንዳያስቸግር አስቀድሞ ማለቅ አለበት። ተጓዡ ከመነሳቱ በፊት ለባንኩ የሚያቀርባቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ አንደኛው ካርዱ በውጭ ገንዘብ ግብይት ላይ ስንት በመቶ ያስከፍላል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ይኸው ክፍያ ከአገር ውጭ በአገር ቤት ገንዘብ ለተፈጸመ ግብይትም ይሠራል ወይ የሚለው ነው። ለመጀመሪያው ምንም፣ ወይም ለሁለተኛው አዎ የሚል መልስ ያገኘ ሰው የአካባቢውን ገንዘብ ሲመርጥ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ያተርፋል።

በማሽኑ ፊት ደግሞ የአገሩን ገንዘብ ምልክት ማወቅ ይበቃል፤ በኤምሬቶች AED፣ በዩሮ አገሮች EUR፣ በብሪታንያ GBP የሚለውን መምረጥ ማለት ነው። ይህ ምልክት በተለይ የልጆቻቸውን ካርድ ይዘው ለሚጓዙና የእንግሊዝኛ ገጽ ማንበብ ለሚያስቸግራቸው ወላጆች በወረቀት ተጽፎ ቢሰጣቸው ይጠቅማል። ማሽኑን ገንዘብ ተቀባዩ በሚይዝበት መደብር ግን ገጹን ማንበብም ላይቻል ስለሚችል፣ ካርዱ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት ድርሃም ብሎ በግልጽ መናገርና ደረሰኙ ላይ አንድ ገንዘብ ብቻ መኖሩን አይቶ መውጣት፣ ከሁሉም የቀለለው መጠበቂያ ነው።